ዕድሜህ ስንት ነው? ወረቀትህስ?
የቻይና ቤተ መንግሥት የቡድሃ ገዳማትን የዘጋበት ዓመት

በ845 ጸደይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታንግ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ በሆነችው በቻንግአን የቡድሃ መነኮሳት በዕድሜ ተራ ከምንኩስና እንዲወጡ ተደረገ። በቻይናውያን አቆጣጠር ከአራተኛው ወር መባቻ ጀምሮ ከ40 ዓመት በታች የሆኑት፣ በቀን 300 ያህል እየሆኑ፣ ወደየትውልድ ቀያቸው ተሸኙ። እነሱ ሲያልቁ ከ50 በታች ያሉት ቀጠሉ። በመጨረሻ ተራው ለሽማግሌዎቹ ደረሰ፤ ከእነሱም መካከል የሥርዓት ሚኒስቴሩ የመሥዋዕት ክፍል የሰጠው ወረቀት የሌለው ሁሉ ልብሰ ምንኩስናውን አወለቀ።

ይህን ቀን በቀን የነገረን ኤኒን የተባለ ጃፓናዊ መነኩሴ ነው። በ838 ከአገሩ መልእክተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ ቻይና ገባ፤ ከ840 ጀምሮም ቻንግአን ተቀምጦ ይማርና ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የውጭ አገር መነኮሳትም ወረቀት ሲጠየቁ እሱ አልነበረውም። ስለዚህ በአምስተኛው ወር እንደ ማንኛውም ተራ ሰው ለብሶ ከተማዋን ለቀቀ፤ ጃፓን የገባው በ847 ነው። የቻይና የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች አዋጁንና ቁጥሩን ሲያስቀሩልን፣ አዋጁ መንደር ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያየልን ግን ይህ እንግዳ ነው።

ኤኒንን ሲያነቡ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ለመነኮሳቱ የቀረበላቸው ጥያቄ ነው። ስለ እምነታቸው የጠየቃቸው የለም። ጥያቄው የዕድሜና የወረቀት ነበር። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ከገዳማቱ ወጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የራሱን አምልኮ ማየት ያስፈልጋል።

በዛሬዋ ሺአን ከተማ ደቡብ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ፣ ክብ የአፈር መድረክ አለ። በ1999 በአርኪዮሎጂስቶች ተቆፍሮ ወጣ። ጠብቆ ከተደቀደቀ አፈር የተሠራ ነው፤ አራት እርከንና በዙሪያው 12 ደረጃዎች አሉት፤ ቁመቱ 8 ሜትር ገደማ ይሆናል። የታንግ ነገሥታት ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ዕለት፣ ለሰማይ መሥዋዕት የሚያቀርቡት እዚህ ነበር። እዚህ ላይ ሰማይ ሲባል ከላይ የምናየው ሰማያዊው ጠፈር ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን ሰጪና ሥልጣን ነሺ የሆነው የበላይ ኃይል ማለት ነው። ንጉሡ የሰማይ ልጅ ይባላል፤ የሚገዛውም የሰማይን አደራ ተቀብሎ ነው።

በ732 ተጠናቆ በ150 ጥቅል የተሰናዳው የታንግ የሥርዓት መጽሐፍ ለዚህ ዕለት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዘረዝራል። ንጉሡ ለሰባት ቀን ራሱን ያነጻል፤ ለአራቱ ቀን ሥራውን እየሠራ ከሐዘንና ከዘፈን ይርቃል፣ ለሦስቱ ቀን ደግሞ ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ ሐርና የከበረ ድንጋይ ይቀርባል፤ ጥጃ ይታረዳል፤ ጢሱ ወደ ላይ እንዲወጣ መሥዋዕቱ በእንጨት ክምር ላይ ይቃጠላል። የት እንደሚቆም፣ ወደየት እንደሚዞር፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰግድ የሚነግሩት የሥርዓት ሊቃውንት ናቸው። እነዚህ ሊቃውንት የኮንፊሺየስን መጻሕፍት ተምረውና ተፈትነው ሹመት ያገኙ ሰዎች ናቸው፤ ካህናት አይደሉም። ዛሬ ሥርዓተ መሥዋዕት የሚመሩት፣ ነገ ግብር ሊሰበስቡ ወይም ሊዳኙ ይችላሉ።

መሥዋዕቱ ደረጃ አለው። ለሰማይ የሚሰዋው ንጉሡ ወይም እሱ የወከለው ሹም ብቻ ነው። የክፍለ አገርና የወረዳ ሹማምንት በየደረጃቸው ለመሬትና ለእህል መንፈስ ይሰዋሉ። ከ630 ወዲህ በየወረዳው ትምህርት ቤት የኮንፊሺየስ መቅደስ እንዲሠራ ታዝዞ ስለነበር፣ በጸደይና በመኸር እዚያም መሥዋዕት ያቀርባሉ። ገበሬው የየቤቱን ቅድመ አያቶች ያከብራል። አንድ ጌታ ወይም ጄኔራል በግሉ ለሰማይ ቢሰዋ ድርጊቱ እንደ ሃይማኖት ጉዳይ አይታይም፤ ንግሥናን መመኘት ነውና የአመፅ ወንጀል ነው።

ይህ ሥርዓት ምእመን የለውም። የሚሰበክበት ጉባኤ፣ የሚጠመቅ ሰው፣ የሚመነኩስ ወጣት አያውቅም። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ የሕዝቡን ልብ ለራሱ አምልኮ መያዝ አላስፈለገውም፤ ገበሬው ለቡድሃ ዕጣን ቢያጤስ ወይም የዳኦ ካህን ጠርቶ ቤቱን ቢያስባርክ ለንጉሡ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ከሰማይ ጋር በቀጥታ እገናኛለሁ የሚል ሌላ ሰው መነሣቱ፣ እና ከግብር መዝገቡ ወጥቶ ራሱን የቻለ ማኅበር መፈጠሩ።

በመጀመሪያው ረገድ ያስፈሩት የዳኦ ተከታዮች ነበሩ። በ142 ዣንግ ዳኦሊንግ የተባለ ሰው በምዕራብ ቻይና ሲቹዋን ውስጥ ላኦዙ ተገልጦልኛል ብሎ የሰማይ መምህራን የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። አባላቱ አምስት መስፈሪያ ሩዝ ያዋጡ ነበር፤ ሕመም የኃጢአት ውጤት ነው ብለው ኃጢአታቸውን ይናዘዙ ነበር፤ በየአካባቢው የራሳቸው አስተዳዳሪዎች ነበሯቸው። የልጅ ልጁ ዣንግ ሉ በሃንጆንግ ተራሮች ውስጥ ከመንግሥት ያልተናነሰ አስተዳደር ዘርግቶ ሲገዛ ኖሮ በ215 ለጦር አበጋዙ ለጻኦ ጻኦ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ በ184 ራሳቸውን በቢጫ ጨርቅ የጠመጠሙ አማፅያንን አስነሥቶ የሃንን ሥርወ መንግሥት አናጋ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ንጉሥ ሁሉ ትንቢት የሚናገርና ተከታይ የሚያፈራ ሰው ሲሰማ የቢጫ ጥምጣሞቹን ያስታውሳል።

ማኅበሩ ግን እጅ ከሰጠ በኋላ አልጠፋም፤ ተገራ። በአራተኛው መቶ ዓመት በማኦ ተራራ ዙሪያ የተነሣው የሻንግቺንግ ትምህርት ከአመፅ ይልቅ ማሰላሰልን፣ በልብ ውስጥ አማልክትን ማየትን፣ የጽሑፍ ምሥጢርን ያተኩራል፤ መኳንንቱም ወደዱት። ታንጎች ሲነግሡ ደግሞ ያልታሰበ ዕድል መጣ። የነገሥታቱ የቤተሰብ ስም ሊ ነው፤ የላኦዙም የቤተሰብ ስም በታሪክ ሊ ተብሎ ተመዝግቧል። የታንግ ነገሥታት ከላኦዙ እንወለዳለን አሉ። ባለ ትልቅ ዘር ለመባል ከአፈ ታሪክ ሰው መወለድ የነገሥታት ሁሉ ልማድ ስለሆነ ብዙ አያስገርምም። በ625 የመጀመሪያው የታንግ ንጉሥ የዳኦን ትምህርት አንደኛ፣ የኮንፊሺየስን ሁለተኛ፣ የቡድሃን ሦስተኛ አድርጎ ደረደረ። ከእነርሱ መካከል ገብታ ዙፋኑን የያዘችው ንግሥት ዉ ዘትየን በ691 ቡድሃን ከዳኦ አስቀደመች፤ እሷ የሊ ዘር አልነበረችምና። ንጉሥ ሹዋንዞንግ ደግሞ በ737 የዳኦ ካህናትን ጉዳይ የንጉሣውያን ቤተሰብን የዘር መዝገብ ወደሚይዘው ቢሮ አዛወረው። ካህናቱ የንጉሡ ዘመዶች ሆኑ ማለት ነው።

ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነበር። በሹዋንዞንግ ዘመን በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት የዳኦ ገዳማት 1,687 ሲሆኑ የቡድሃዎቹ 5,358 ነበሩ። ስለዚህ ሁለተኛው ሥጋት፣ የግብሩ፣ ከቡድሃ ገዳማት በኩል መጣ።

በታንግ ሕግ የመነነ ሰው ከግብርም ከግዴታ ጉልበትም ነፃ ነው። ስለዚህ መንግሥት በየሦስት ዓመቱ መነኮሳትን ይቆጥራል፤ የመዝገቡ ቅጂ በወረዳው፣ በክፍለ አገሩና በመሥዋዕት ክፍሉ ይቀመጣል። ለመመንኮስም በመንግሥት የታወቀ ወረቀት ያስፈልጋል። ችግሩ የጀመረው ወረቀቱ ዋጋ ሲያወጣ ነው። በ755 አን ሉሻን ሲያምፅና ግምጃ ቤቱ ሲራቆት፣ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ለጦር ወጪ ብሎ ምንኩስናን መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የጦር አዛዦቹም ልማዱን ቀጠሉበት።

ከእነዚህ ሽያጮች አንዱን በዝርዝር እናውቀዋለን። በ824 የሹጆው አገረ ገዥ ዋንግ ዢሺንግ፣ ለንጉሡ የልደት በዓል በረከት ይሁን ብሎ፣ በሲጆው የምንኩስና መድረክ አቆመ። ከወንዙ ማዶ የነበረው ባለ ሥልጣን ሊ ደዩ ሰዎች ማሻገሪያው ላይ ቆመው እንዲቆጥሩ አደረገ። በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ራሱን ተላጭቶ ይሻገራል። እያንዳንዱ ሁለት ድርድር ሳንቲም ይከፍላል፤ አንዱ ድርድር አንድ ሺህ ሳንቲም ነው። ወረቀቱን እንደተቀበለ ምንም ሥርዓት ሳይፈጸምለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሊ ደዩ ለቤተ መንግሥቱ ሲጽፍ፣ እስከ ልደቱ ቀን ካልተከለከለ ከታችኛው ያንግዜ አውራጃዎች 600,000 የሚሆን ለሥራ የደረሰ ወንድ ከግብር መዝገብ ይጠፋል ብሎ አስጠነቀቀ። ሽያጩ ወዲያው ታገደ። ቁጥሩ ምናልባት ለማስደንገጥ የተጋነነ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነበር፦ ራሱን የተላጨ ሁሉ ከመዝገብ ይወጣል።

ሌላው ተቃውሞ ከሊቃውንቱ በኩል የመጣ ነው። በ819 ንጉሥ ሺየንዞንግ ከፋመን ገዳም የቡድሃ የጣት አጥንት ነው የተባለውን ቅርስ አስመጥቶ በቤተ መንግሥቱ ሲያስቀምጥ፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ተንበርክኮ ገንዘቡን ሲያፈስ፣ ሃን ዩ የተባለው ታዋቂ ጸሐፊ የተቃውሞ ደብዳቤ አቀረበ። ቡድሃ የባዕድ አገር ሰው ነው፣ የአባትና የልጅን፣ የንጉሥና የሹምን ሥርዓት አያውቅም፣ አጥንቱም የበሰበሰ ነገር ነው አለ። እስከዚህ ድረስ ምናልባት ይታለፍለት ነበር። ነገር ግን ቡድሃን ያመለኩ ነገሥታት ዕድሜያቸው አጭር ሆነ ብሎ ጨመረ። ንጉሡ ሊያስገድለው ደርሶ ነበር፤ ሹማምንት ለምነው ወደ ሩቁ ደቡብ ወደ ቻኦጆው ተጋዘ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ ሞተ። የሞተው ግን የዳኦ ባለ መድኃኒቶች የሰጡትን ያለመሞት መድኃኒት እየወሰደ ባሕርዩ ከተለወጠ በኋላ፣ በጃንደረቦቹ እጅ እንደሆነ ይነገራል።

ዉዞንግ በ840 ሲነግሥ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ይቻላል። የ26 ዓመት ወጣት ነበር፣ የዳኦን ትምህርት ይወድዳል። ገና በነገሠበት ዓመት ዣኦ ጉይጀን የተባለውን የዳኦ ካህን ከ80 ባልደረቦቹ ጋር ወደ ቤተ መንግሥት አስገባ። ኤኒን እንደሚለው በንጉሡ ልደት ቀን የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ለክርክር ሲቀርቡ ሐምራዊ ካባ የተሸለሙት የዳኦ ካህናት ብቻ ነበሩ። ዋና ሚኒስትሩ ደግሞ ያው የማሻገሪያው ቆጣሪ ሊ ደዩ ሆነ። ሊ ደዩ ለንጉሡ ባለሟል ለዣኦ ጉይጀን አንዳችም ፍቅር አልነበረውም፤ ንጉሡን ከእሱ እንዲጠነቀቅ መክሮታል። አንደኛው ገነትን፣ ሌላው ግምጃ ቤትን እያሰቡ ሁለቱም በገዳማቱ ላይ ተገናኙ።

ገንዘቡም ያስፈልግ ነበር። በ840 የኡይጉር መንግሥት በኪርጊዞች እጅ ፈረሰና ስደተኞቹ ወደ ቻይና ድንበር ጎረፉ፤ ታንጎች በ843 መቷቸው። በዚያው ዓመት በዣኦዪ አውራጃ አመፅ ተነሥቶ ጦርነቱ እስከ 844 ዘለቀ። የመዳብ ሳንቲምም እጥረት ነበር፤ ግብር በገንዘብ ሲጠየቅ ሳንቲሙ እየጠፋ የእህልና የሐር ዋጋ ለአሥርተ ዓመታት ሲወድቅ ኖሯል። የአገሪቱ መዳብ ግማሹ የት እንዳለ ለመገመት ማንም ሰው ወደ አንድ ገዳም ገብቶ ደወሉንና ምስሎቹን ማየት ይበቃው ነበር።

እርምጃው ደረጃ በደረጃ ሄደ። በ842 መጨረሻ የወጣው ትእዛዝ የተመለከተው ነውረኛ መነኮሳትን ነው፦ ከጦር የከዱ፣ ጥንቆላ የሚሠሩ፣ ሚስት ያላቸው ወደ ዓለም እንዲመለሱ ተባለ። ገንዘብና መሬት ያላቸውም ወይ ንብረቱን ለመንግሥት ያስረክባሉ፣ ወይ ንብረታቸውን ይዘው ግብር ከፋይ ይሆናሉ። በቻንግአን ብቻ ከ3,400 በላይ ሰው በዚህ ወጣ። ይህን የመሰለ ትእዛዝ ጥሩ መነኩሴም ሊደግፈው ይችል ነበር። በ844 ትናንሽ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። በ845 ደግሞ ዋናው ሥራ መጣ፤ በመጀመሪያ የገዳማቱ ንብረትና ባሮች ተቆጠሩ፣ ከዚያ በዕድሜ ተራ ምንኩስናው ፈረሰ፣ በሰባተኛው ወር ደግሞ ምን ያህል ገዳም እንደሚቀር ተወሰነ። በሁለቱ ዋና ከተሞች በቻንግአንና በሉኦያንግ በየጎዳናው ሁለት ገዳም፣ በእያንዳንዱም 30 መነኩሴ፤ በትልልቅ ክፍለ አገሮች አንድ አንድ ገዳም፣ እንደየደረጃው 20፣ 10 ወይም 5 መነኩሴ።

ትልልቆቹ ክፍለ አገሮች አንድ ገዳም የቀረላቸው ለመነኮሳቱ ታዝኖ አልነበረም። በሟች ነገሥታት መታሰቢያ ቀን ሹማምንት ገዳም ሄደው ዕጣን የማጤስ ግዴታ አለባቸውና ቦታ ያስፈልጋል። በትናንሾቹ ክፍለ አገሮች ገዳሙ ሁሉ ሲዘጋ ሹማምንቱ ዕጣናቸውን ወደ ዳኦ ገዳም እንዲወስዱ ተነገራቸው። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ለራሱ ሙታን በቡድሃ ገዳማት ሲገለገል እንደኖረ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ስለ ምስሎቹ የወጣው መመሪያ ደግሞ የእርምጃውን መንፈስ ከየትኛውም አዋጅ ይልቅ ይገልጠዋል። የነሐስ ምስሎች፣ ደወሎችና ጸናጽል ለጨውና ለብረት ኮሚሽነሩ ይሰጡና ሳንቲም ይሁኑ። የብረት ምስሎች በየክፍለ አገሩ ቀልጠው ማረሻና የእርሻ መሣሪያ ይሁኑ። ወርቅና ብር ወደ ግምጃ ቤት ይግባ። በግል ቤቱ የብረታ ብረት ምስል ያለው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ያስረክብ፤ ካላስረከበ መዳብ በመደበቅ ሕግ ይቀጣ። ከሸክላ፣ ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠሩ ምስሎች ግን ባሉበት ይቀመጡ። ጣዖት ሰባሪ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ይሰብር ነበር። ከፈረሱት ገዳማት የወጣው እንጨትም የመንግሥት ቢሮዎችንና የመልእክተኞች ማረፊያዎችን ለማደስ ዋለ።

በስምንተኛው ወር ንጉሡ ውጤቱን በአዋጅ ገለጠ። ከ4,600 በላይ ገዳማትና ከ40,000 በላይ ትናንሽ ጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል፤ 260,500 መነኮሳትና መነኮሳይያት ወደ ግብር ከፋይነት ተመልሰዋል፤ 150,000 የገዳም ባሮችም እንዲሁ። የመሬቱን ነገር ግን አንባቢ ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል። አዋጁ የተወረሰውን መሬት በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ቺንግ ይለካዋል፤ አንድ ቺንግ ከ5 ሄክታር በላይ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ግን በመላው አገሪቱ ተመዝግቦ የነበረው የእርሻ መሬት 14 ሚሊዮን ቺንግ ያህል ነበር። እንግዲህ ወይ ቁጥሩ ሲገለበጥ ተበላሽቷል፣ ወይ የፕሮፓጋንዳ ቁጥር ነው። የመነኮሳቱ ቁጥር ግን ከመዝገብ የመጣ ስለሆነ ይታመናል፤ መንግሥት ቀድሞ ሲቆጥራቸው የኖሩ ሰዎች ናቸውና።

በዚያ ማዕበል ሌሎችም ተጠረጉ። የፋርሱ የማኒ እምነት ካህናት በ843 ቀድመው ተመትተዋል፤ ጠባቂዎቻቸው የነበሩት ኡይጉሮች ወድቀው ስለነበር ተከላካይ አልቀረላቸውም፤ ኤኒን ብዙዎቹ መገደላቸውን ጽፏል። በ845 ደግሞ የዞሮአስተር እምነት ካህናትና ከሶርያ ወገን የመጡ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት፣ በአንድ ላይ ከ2 እስከ 3 ሺህ የሚሆኑት፣ ወደ ዓለም ተመለሱ። ይህች ቤተ ክርስቲያን የእኛ አባቶች ንስጥሮሳውያን ብለው የሚጠሯት ናት። አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ቻንግአን ሲደርስ በንጉሡ ፈቃድ ተቀበለች፤ በ781 ታሪኳን በቻይንኛና በሱርስት የሚተርክ ትልቅ የድንጋይ ሐውልት አቆመች፤ ያ ሐውልት ዛሬም ሺአን ውስጥ ይታያል። ቡድሃዎች በየመንደሩ ሥር የሰደዱ ስለሆኑ ከመዓቱ በኋላ ተመለሱ። የምሥራቅ ክርስቲያኖች ግን ጥቂት ነበሩ፣ አብዛኞቹም ባዕዳን፤ በዋናው ቻይና ሞንጎሎች እስኪመጡ ድረስ እምብዛም አልታዩም።

አዋጅ በወረቀት ላይ እንደሚያምረው በመሬት ላይ አይሆንም። ኤኒን ከቢጫው ወንዝ በስተ ሰሜን ያሉት የጦር አገረ ገዥዎች አዋጁን ችላ አሉት የሚል ወሬ ጽፏል፤ እነዚያ ገዥዎች ግብራቸውንም ለቻንግአን አይልኩም ነበርና ያስኬዳል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። ከዉታይ ተራራ የሸሹ መነኮሳት ወደ ዮውጆው ሲሄዱ ሊ ደዩ የዚያን አገር መልእክተኛ ጠርቶ ገሠጸው፤ ገዥው ዣንግ ጆንግዉም ለድንበር ጠባቂው ሁለት ሰይፍ ልኮ የሚገባ መነኩሴ ካለ እንዲቆርጥ አዘዘ ተብሎ ተጽፏል። ከምንኩስና የወጡት ደግሞ መሬትም ሥራም አልነበራቸውም፤ ኤኒን በመንገዱ የሰማው ብዙዎቹ በረሃብ ተነሣስተው መዝረፍ መጀመራቸውን ነው።

ዉዞንግ በ846 ጸደይ በ31 ዓመቱ ሞተ። ያለመሞት መድኃኒቱን ይወስድ ነበር፤ ከመሞቱ በፊት ለቀናት መናገር እንኳ አልቻለም። ዙፋኑን የያዘው አጎቱ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ዣኦ ጉይጀን በዱላ ተደብድቦ ተገደለ፤ ሊ ደዩም ከሥልጣን ተሻረ፤ ኋላም ወደ ሃይናን ደሴት ተጋዘና እዚያው ሞተ። በ847 የፈረሱትን ገዳማት መልሶ መሥራት ተፈቀደ። አጎትየውም በበኩሉ ያለመሞት መድኃኒት መውሰዱን ቀጠለና በ859 በእሱው ጠንቅ አረፈ።

የዚያ ዓመት ምልክት ዛሬም ይነበባል። በሳንቲም ሰብሳቢዎች እጅ ያሉ፣ በመካከላቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላቸው የታንግ ሳንቲሞች አብዛኛውን ጊዜ ጀርባቸው ባዶ ነው። በ845ና በ846 የተመቱት ግን በጀርባቸው የተሠሩበትን አውራጃ የሚያመለክት ፊደል አላቸው፤ የቀለጡት ምስሎች እነዚህ ናቸው። ሕንፃውም ይመሰክራል። በቻይና እስከ ዛሬ ከቆሙት ከእንጨት የተሠሩ የቡድሃ አዳራሾች ጥንታዊው በ782 የተሠራው ናንቻን ሲሆን፣ ርቆ በገጠር መንደር ያለ ትንሽ ቤት ነው፤ ቁጥር ውስጥ ሳይገባ ያመለጠ ይመስላል። በዚያው ተራራማ አካባቢ የነበረው ታላቁ ፎጓንግ ግን በ845 ፈረሰ፤ አሁን የሚታየው አዳራሹ በ857፣ ኒንግ ጎንግዩ በተባለች ሴት ገንዘብ እንደገና የተሠራ ነው።

ከዚያ በፊት በ446ና በ574፣ ከዚያም በኋላ በ955 ሌሎች ነገሥታት ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። በ574 የሰሜኑ ጆው ንጉሥ የዳኦንም ገዳማት አብሮ ዘግቷል። በ955ም የኋለኛው ጆው ንጉሥ ምስሎቹን ለሳንቲም አቅልጧል። ከዚያ ወዲያ የመጣው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ግን ገዳም ማፍረሱን ትቶ ሌላ መንገድ አገኘ። ከ1067 ጀምሮ መንግሥት ስሙ ያልተሞላ የምንኩስና ወረቀት እያተመ በይፋ ይሸጥ ጀመር። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋጋው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ለጦር ስንቅና ለረሃብ ጊዜ እህል መግዣ ይሆናል። የማሻገሪያው ቆጣሪ ሊ ደዩ ወንጀል ነው ብሎ ያስቆመው ንግድ የመንግሥት ገቢ ሆነ።